«አልተሟላም» የተባለ ፋይል

የነፃ ትምህርት ዕድል ማመልከቻዎችን በሚመረምሩ ኮሚቴዎች ዘንድ «ያልተሟላ ፋይል እንዳልቀረበ ይቆጠራል» የሚለው አባባል እንደ ሕግ ሲጠቀስ ይሰማል። በዚህ አባባል የሚሠራ መርማሪ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ ያገላብጣል፣ የመጀመሪያውን ጉድለት ሲያገኝ ይዘጋዋል፣ ለአመልካቹም «ማመልከቻዎ አልተሟላም» የሚል አንድ መስመር ይልካል። የጎደለው ሰነድ የትኛው እንደሆነ፣ ተሟልቶ የተገኘው ምን እንደሆነ፣ ውጤቱም የመቁረጫ ነጥቡን ያልፍ እንደሆነ አይነገርም። ይህ አሠራር ጥብቅነት እየተባለ ይወደሳል፤ ነገር ግን ምርመራውን ከመጀመሪያው ገጽ ሳያሳልፉ ፍርድ መስጠት ነው እንጂ ጥብቅነት ሊባል የሚችልበት አንዳች ምክንያት የለውም።

አባባሉ የቆመው ሰነድ ማሟላትና ነጥብ ማለፍ ተከታትለው የተሠሩ ሁለት የተለያዩ በሮች ናቸው በሚል ግምት ላይ ነው፤ የመጀመሪያውን ያላለፈ ሰው ስለ ሁለተኛው የሚጠይቀው ነገር የለም ይባላል። የግምቱ ስሕተት በአንድ ተራ ፋይል ላይ በግልጽ ይታያል። ከኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በ2.95 አጠቃላይ አማካይ ውጤት የተመረቀ ሰው በጀርመን ለማስተርስ ትምህርት የሚሰጥ ዕድል ለማግኘት አመለከተ፣ የመቁረጫ ነጥቡም 2.5 ነው እንበል። በጀርመን የውጤት አሰጣጥ 1.0 ከሁሉ የበለጠው፣ 4.0 ደግሞ የመጨረሻው የማለፊያ ውጤት ስለሆነ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ውጤቱ ይሻላል። ስለዚህ 2.95ን ከ2.5 ጋር በቀጥታ የሚያነጻጽር መርማሪ፣ ቁጥሮቹን በኢትዮጵያ ልማድ ካነበበ «አልፏል»፣ በጀርመን ልማድ ካነበበ ደግሞ «ወድቋል» ይላል፤ በሁለቱም መንገድ የሚደርስበት ውሳኔ ከአመልካቹ ዕውቀት ጋር ግንኙነት የለውም።

ውጤቱን ከአንዱ መለኪያ ወደ ሌላው ለማዛወር የጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች በሰፊው የሚጠቀሙበት ስሌት «የተሻሻለው የባቫሪያ ቀመር» ይባላል። ከከፍተኛው ውጤት ላይ የአመልካቹ ውጤት ይቀነሳል፤ ልዩነቱ በከፍተኛውና በዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት መካከል ላለው ርቀት ይካፈላል፤ የተገኘው በ3 ተባዝቶ 1 ይደመርበታል። ከፍተኛው ውጤት 4.00 መሆኑ አያከራክርም። ዝቅተኛው የማለፊያ ውጤት ግን ሁለት መልክ አለው፤ ለመጀመሪያ ዲግሪ ለመመረቅ የሚጠየቀው አማካይ 2.00 ሲሆን፣ በአንድ ኮርስ ብቻ ሲታይ 1.00 የሚያሰጠው «ዲ» እንደ ማለፊያ የሚቆጠርበት ሁኔታም አለ። ሁለቱ በየተራ ሲገቡ የሚከተለው ይገኛል፦

```
1 + 3 × (4.00 − 2.95) ÷ (4.00 − 2.00) = 2.575
1 + 3 × (4.00 − 2.95) ÷ (4.00 − 1.00) = 2.05
```

በሁለተኛው ስሌት አመልካቹ ያለ ጥርጥር ያልፋል። በመጀመሪያው ደግሞ ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ወስዶ ቀሪውን የሚቆርጥ መርማሪ 2.5 ብሎ ያሳልፈዋል፣ የሚያጠጋጋው ግን 2.6 ብሎ ይጥለዋል። የሚነጻጸረው የአንድ ኮርስ ውጤት ሳይሆን አጠቃላይ አማካዩ ስለሆነ ትክክለኛው መነሻ 2.00 ነው፤ ይህ አመልካቹን የሚጎዳ ቢሆንም እውነቱ ይኸው ነው። የአሃዙ አያያዝ ግን የመጀመሪያው ፋይል ከመከፈቱ በፊት በጽሑፍ ሊወሰን ይገባል፤ ፋይሉ ከተከፈተ በኋላ የሚወሰን ከሆነ የሚወሰነው በአመልካቹ ስም ላይ ነው።

እንግዲህ መርማሪው ዝቅተኛውን የማለፊያ ውጤት ከየት ያገኘዋል? ብዙውን ጊዜ ከትራንስክሪፕቱ፣ ማለትም ከሬጅስትራር ከሚሰጠው የውጤት ዝርዝር ጀርባ ነው፤ የፊደላቱ ትርጉምና ነጥባቸው የሚታተመው በዚያ ነው። ውጤቱ የተጻፈበትን ገጽ ብቻ ስካን አድርጎ ጀርባውን መተው ደግሞ የአመልካቾች የተለመደ ስሕተት ነው። በዚህ ፋይል የጎደለው ያ ገጽ ከሆነ፣ ጎደለ የተባለው ሰነድና ያልተመረመረው ነጥብ አንድ ጉዳይ ሆነው ይገኛሉ፤ ሁለት በር የሚባል ነገር አልነበረም። ገጹ በሌለበት ትክክለኛው መልስ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» ሳይሆን «ሊወሰን አልቻለም» የሚለው ነው። የጠፋ ውጤትን እንደ ዝቅተኛ ውጤት የሚቆጥር ኮሚቴ ያላየውን ነገር አይቻለሁ ብሎ እየፈረመ መሆኑ ሊነገረው ይገባል።

«የለም» የሚለው ቃል ራሱ ብዙ የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የድጋፍ ደብዳቤ መምህሩ በቀጥታ የሚልከው ከሆነ ከፋይሉ ውስጥ አለመገኘቱ የአመልካቹ ጥፋት ላይሆን ይችላል። የአይኤልትስ ውጤት ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል በመሆኑ፣ ቀኑ ያለፈበት ወረቀት ቀርቧል ነገር ግን አያገለግልም። «ቴምፖ» የሚባለውን ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ያስገባ ምሩቅ ዋናው ዲግሪ የሌለው የወጪ መጋራት ግዴታውን ገና ስላልፈጸመ ሊሆን ይችላል፤ በ1995 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የመጣውን ይህን ግዴታ የማያውቅ የውጭ አገር መርማሪ ሰውየው አልተመረቀም ብሎ ሊደመድም ይችላል። እነዚህን ሁሉ በአንድ «አልተሟላም» ውስጥ መክተት አመልካቹ የትኛውን ቢሮ እንደሚያንኳኳ እንዳያውቅ ማድረግ ነው።

የኮሚቴዎቹ መከራከሪያ ጉድለትን መንገር አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ይሆናል የሚል ነው። ለሁሉም አመልካች በተመሳሳይ ቅጽና በተመሳሳይ ቀን የሚነገር ነገር ማንን ከማን እንደሚያስበልጥ ግን አስረድተው አያውቁም። የሚያስበልጠው ዝምታው ነው። በጽሑፍ ያልተነገረው ጉድለት በቢሮው ውስጥ ዘመድ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛ ላለው ሰው በስልክ ይነገራል፤ ከጅማ ወይም ከወልዲያ ያመለከተችውና ማንንም የማታውቀው ልጅ ግን ሰባት ሰነድ ይዛ የትኛው እንደጎደለ እየገመተች ትቀመጣለች። አንዱን ገምታ ብታሟላም በሚቀጥለው ዙር ሁለተኛው ጉድለት ይገኝባታል፣ ምክንያቱም መርማሪው መጀመሪያውኑ ከመጀመሪያው ጉድለት አላለፈም። የማስገቢያው ቀን ካለፈ በኋላ ሰነድ አለመቀበል የኮሚቴው መብት ነው፤ ምን እንደጎደለ አለመናገር ግን ከዚያ መብት የሚመነጭ አይደለም፣ መንገርና መቀበል ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸውና።

በ2.95 ለተመረቀው አመልካች ፋይል ሊመለስ የሚገባው ወረቀት ከግማሽ ገጽ አይበልጥም። ጊዜያዊው የምስክር ወረቀት፣ የትራንስክሪፕቱ የፊት ገጽና ፓስፖርቱ መቅረባቸውንና ተቀባይነት ማግኘታቸውን ይገልጻል፤ የትራንስክሪፕቱ ጀርባ አለመቅረቡን፣ ከሁለቱ የድጋፍ ደብዳቤዎች አንዱ ከመምህሩ አለመድረሱን በስም ለይቶ ያስቀምጣል፤ በነጥቡም ረገድ ዝቅተኛው የማለፊያ አማካይ 2.00 መሆኑ በጀርባው ገጽ ከተረጋገጠ ውጤቱ 2.575 እንደሚሆን፣ ኮሚቴውም ከነጥብ በኋላ ካለው የመጀመሪያ አሃዝ ቀጥሎ ያሉትን እንደሚቆርጥ ስለወሰነ 2.5 ተብሎ እንደሚያልፍ፣ ገጹ እስከሚመጣ ግን ነጥቡ ያልተወሰነ መሆኑን ስሌቱን ጭምር አሳይቶ ይጽፋል።