ስድስት ቀፎ ወይስ ሠላሳ? በትርፍ ጊዜ ንብ የሚያነቡ ሠራተኞች የሚሳሳቱት ስሌት

በሆለታና በአካባቢዋ፣ እንዲሁም በሌሎች የደጋ ከተሞች ዳርቻ፣ በቋሚ ደመወዝ የሚተዳደሩና በግቢያቸው ጥቂት ዘመናዊ ቀፎ የሚያኖሩ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ንብ ማነብ የጀመሩት ስለሚወዱት ነው። ሁለት ቀፎ አራት ይሆናል፤ የመጀመሪያው ማር ለቤት፣ ቀጣዩ ለዘመድ፣ ከዚያ ለሥራ ባልደረባ ይደርሳል። የሥራ ባልደረባ ገንዘብ ከፍሎ ሲወስድ ነገሩ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ መሆኑ ያበቃና ሌላ ጥያቄ ይነሳል፦ ይስፋፋ፣ ባለበት ይቆይ ወይስ ይቁም? የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ ውሳኔው አብዛኛውን ጊዜ በተሳሳተ ቁጥር ላይ ይመሠረታል የሚል ነው። ሰዎች የሚያሰሉት የአንድ ቀፎ አማካይ ትርፍ ስንት እንደሆነ ነው፤ ሊያሰሉት የሚገባው ግን ቀጥሎ የሚጨመረው ቀፎ የሚያስገኘውን ነው።

ልዩነቱን ለማየት አንድ ምሳሌ መከተል ይጠቅማል። ዋጋዎቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፤ አንባቢ በየአካባቢው ዋጋ ሊተካቸው ይችላል። አንድ ሠራተኛ 6 ባለፍሬም ቀፎ አለው እንበል። ከእያንዳንዱ በዓመት 12 ኪሎ፣ በድምሩ 72 ኪሎ ማር ያገኛል። ለሚያውቃቸው ሰዎች ኪሎውን በ900 ብር ይሸጣል፤ ገቢው 64,800 ብር ይሆናል። ለክረምት ወራት የሚሰጥ ስኳር፣ የታተመ ሰም፣ ማሰሮና መጓጓዣ 14,000 ብር ይወስዳሉ። ቀፎ አንዱ በ6,000 ብር ተገዝቶ አሥር ዓመት ያገለግላል ብንል የዓመት ድርሻው 3,600 ብር ነው። በዓመት አንድ መንጋ ይኮበልላል፤ እሱን ለመተካት 4,000 ብር፣ ለልብስ፣ ለጭስ ማጨሻና ለማር ማጣሪያ ደግሞ 2,000 ብር ይመደባል። ሁሉም ተቀንሶ 41,200 ብር ይቀራል። በዓመት የሚያጠፋው ጊዜ በፍተሻ 78፣ በቆረጣና በማጣራት 30፣ በሽያጭ 32፣ በድምሩ 140 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰዓት ልፋቱ 294 ብር አግኝቷል። ደመወዙ በሰዓት 118 ብር ገደማ ቢሆን፣ ንቡ ከመሥሪያ ቤቱ የተሻለ ይከፍለዋል ማለት ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ቀፎው በአምስት እጥፍ ቢያድግ ትርፉም በአምስት እጥፍ ያድጋል፣ ማለትም 206,000 ብር ይሆናል ተብሎ ይታሰባል፤ ብድርም ይጠየቃል። ሆኖም ቀፎው 30 ሲሆን ሦስት ነገሮች አብረው ይለወጣሉ።

የመጀመሪያው ቀሰም ነው። ንብ አብዛኛውን ምግቧን የምታመጣው ከቀፎዋ እስከ ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ካለው ክልል ነው። በዚያ ክልል ያለው አደይ አበባ፣ ግራዋና ባሕር ዛፍ ቀፎ ስለተጨመረ አይጨምርም። ለ6 ቀፎ የተትረፈረፈው አበባ ለ30 ቀፎ ሲከፋፈል ምርቱ ይቀንሳል፤ በምሳሌያችን ከ12 ወደ 8 ኪሎ ይወርዳል እንበል። ጠቅላላው ምርት 240 ኪሎ ይሆናል፤ 360 አይሆንም።

ሁለተኛው ዋጋ ነው። የመጀመሪያው 72 ኪሎ በ900 ብር የተሸጠው ማሩ ልዩ ስለሆነ ብቻ አልነበረም፤ ገዢው ሻጩን ስለሚያውቅና ማሩ ከስኳር ያልተቀላቀለ ለመሆኑ ስለሚያምነው ጭምር ነው። ይህ እምነት የሚደርስበት የሰው ብዛት ውስን ነው። የተቀረው 168 ኪሎ ለነጋዴ ወይም ለጠጅ ቤት መሄዱ አይቀርም። በሀገራችን አብዛኛው ማር ለጠጅ መጣያ ስለሚውል ገዢ አይጠፋም፤ ነገር ግን የጠጅ ገዢ ለተጣራና በንጹሕ ማሰሮ ለታሸገ ማር የሚጨምረው ዋጋ ጥቂት ነው። በኪሎ 500 ብር ይከፍላል ብንል የሁለቱ ሽያጭ ድምር 148,800 ብር ይሆናል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም ይኸው ነው። የሀገራችን ንብ ቁጡ በመሆኗ አናቢው ቀፎ የሚከፍተው ሲመሽ ነው። በአንድ ምሽት ከሁለት ሰዓት በላይ መሥራት ይከብዳል። አንድ ቀፎ በጥንቃቄ ለመቁረጥ 45 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 6 ቀፎ በሁለት ወይም በሦስት ምሽት ያልቃል፤ 30 ቀፎ ግን ከአሥራ አንድ ምሽት በላይ ይጠይቃል። በደጋው ዋናው ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ስለሆነ ማሩም ቀጠሮ አይሰጥም። የእንጀራው ሦስት አራተኛ ያህል በሰም ሳይከደን የተቆረጠ ማር ውኃው ስለሚበዛ ይፈላል፤ ዘግይቶ ከተተወ ደግሞ አበባው ሲረግፍ ንቦቹ ራሳቸው ይበሉታል። ያ ወቅት ለመምህር የትምህርት ጊዜ፣ ለሌላውም የመስክ ሥራ ሊሆን ይችላል።

አሁን ስሌቱ ይጠናቀቅ። ለ30 ቀፎ ስኳር፣ ሰም፣ ማሸጊያና መጓጓዣ 60,000 ብር፣ የቀፎ እርጅና 18,000 ብር፣ የአምስት ኮብላይ መንጋ መተኪያ 20,000 ብር፣ መሣሪያ 6,000 ብር ሲደመር 104,000 ብር ይሆናል። የሚቀረው 44,800 ብር ብቻ ነው። ጊዜው ደግሞ ወደ 380 ሰዓት ያድጋል። ሲከፋፈል በሰዓት 118 ብር ይደርሳል፤ ከደመወዙ ጋር እኩል ሆነ ተብሎ መጽናናት ግን አይቻልም። የተጨመሩት 24 ቀፎዎች ያመጡት ልዩነት 3,600 ብር ነው፤ የወሰዱት ተጨማሪ ጊዜ 240 ሰዓት ነው። በሰዓት 15 ብር ማለት ነው። ለነዚህ ቀፎዎችና ለንብ መንጋቸው መግዣ 240,000 ብር በ15 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በመጀመሪያው ዓመት 36,000 ብር ወለድ ይከፍላል። ትርፍ ይባል የነበረው ከ6ቱ ቀፎ የተገኘው ገንዘብ ሁሉ ማለት ይቻላል ለወለድ ይሄዳል።

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ። በፍቅር የሚሠራ ሥራ ሰዓቱ በብር ሊተመን አይገባም ይባላል። ተቃውሞው ለ6 ቀፎ ትክክል ነው፤ ከሥራ መልስ ቀፎ ከፍቶ ንግሥቲቱን መፈለግ ለሚወደው ሰው ዕረፍት ነው። በአሥራ አንደኛው ምሽት፣ ልብሱ በላብ ርሶ፣ ጠዋት ሥራ ለሚገባ ሰው ግን ያው ድርጊት ሌላ ነገር ነው። ለራስ ሰዓት ዋጋ መስጠት የሚያስፈልገው ፍቅሩ የት ላይ እንደሚያልቅ ለማወቅ ነው።

ይህ ሁሉ ማስፋፋት ፈጽሞ አይገባም ማለት አይደለም። ስሌቱን የሚለውጡ ሁኔታዎች አሉ። ሌላ የቀፎ ጣቢያ ከመጀመሪያው ከሦስት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከተገኘና የሚጠብቀው ሰው ካለ የቀፎው ምርት ላይወርድ ይችላል። አንድ ሱቅ ወይም ሆቴል ለተጣራ ማር ቋሚ ዋጋ በጽሑፍ ከተስማማ የዋጋው ችግር ይቀላል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ መሟላቱ በዚህ ጽሑፍ እይታ ለብድር በቂ ምክንያት አይሆንም። ሁለቱም በሌሉበት የሚሻለው መንገድ በዓመት ሁለት ቀፎ መጨመር ነው፤ እሱም በግዢ ሳይሆን የራስን ጠንካራ መንጋ በመስከረም በመክፈል። የተከፈለው መንጋ በዚያ ዓመት የሚሰጠው ማር ይቀንሳል፤ ሆኖም ይህ ኪሳራ ከወለድ ያነሰ ነው፤ ባይሳካም ሊመለስ ይችላል።

ወሰኑ መደረሱን ንቦቹ ራሳቸው ያሳያሉ። አበባ በሞላበት ወር የላይኛው የማር ክፍል ፍሬሞች ባዶ ከሆኑ፣ ከዚህ በፊት ስኳር በማያስፈልግበት ወር ስኳር መስጠት ግድ ካለ፣ የአንዱ ቀፎ ንብ ሌላውን መዝረፍ ከጀመረ፣ ቀሰሙ ከቀፎው ብዛት አንሷል። ከሁሉ የሚታመነው ግን ሚዛን ነው። ሁለት ቀፎ መርጦ በየሳምንቱ መመዘንና ክብደቱን በደብተር መጻፍ፣ የሁለት ዓመት ወቅት ሲሰበሰብ፣ ተጨማሪው ቀፎ አዲስ ማር እያመጣ ነው ወይስ የጎረቤቱን ድርሻ እየወሰደ ነው የሚለውን ያሳያል። በዚህ ንባብ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአካባቢው ማሳ የተረጨ ፀረ-ተባይ ንቡን ከጎዳውም ክብደት ይወርዳል፤ ልዩነቱ በዚያን ጊዜ በቀፎው አፍ ፊት ብዙ የሞቱ ንቦች ምላሳቸውን አውጥተው ተከምረው መገኘታቸው ነው። ያንን በቀፎ ብዛት ማመካኘት የተሳሳተ ውሳኔ ላይ ያደርሳል።

ስለማቆም የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ሰዎች ማቆምን እንደ ሽንፈት ስለሚቆጥሩት ይመስላል። ለቀፎና ለማር ማጣሪያ የወጣው ገንዘብ ግን ሥራው ቢቀጥልም ባይቀጥልም የወጣ ነው፤ ለውሳኔው የሚጠቅመው ዛሬ ቢሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ብቻ ነው። የማቆሚያው ምልክት ከገንዘቡ ቀድሞ በፍተሻው ላይ ይታያል። ለሁለት ወቅት በተከታታይ የጳጉሜና የመስከረም ፍተሻ ካመለጠ፣ ጠባብ ቦታ ያገኘው መንጋ ይወጣል፤ የተዳከመውን ቀፎ ጉንዳን ወይም የሰም ብል ይወርሰዋል። ባለቤቱ ይህን እያየ በየዓመቱ መንጋ እየገዛ የሚተካ ከሆነ፣ የሚከፍለው ለንግዱ ሳይሆን ለልማዱ ነው።

ማቆም የወሰነ ሰው ጊዜውን መምረጥ አለበት። መንጋ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም፣ ገዢው ከፊቱ የሚመጣውን አበባ በሚያስብበት ጊዜ ነው። ከኅዳር ቆረጣ በኋላ የሚሸጥ ሰው የዓመቱን ማር ይዞ ይቀራል፤ ለመንጋው ግን ያነሰ ያገኛል። የትኛው እንደሚሻል የሚወስነው ቀፎዎቹን እስከ ኅዳር በአግባቡ ለመፈተሽ ጊዜ መኖር አለመኖሩ ነው። ወደ መዝናኛነት ብቻ ለመመለስ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከሁለት ቀፎ በታች ባያስቀር ይመረጣል። አንዱ ንግሥቱን ቢያጣ ከሌላው እንቁላልና ለጋ እጭ ያለበት ፍሬም ወስዶ መስጠት ይቻላል፤ ሠራተኞቹ ከዚያ አዲስ ንግሥት ያሳድጋሉ። በአንድ ቀፎ ብቻ ይህ አይቻልም።