የአሶሳን ወርቅ ያሸሸው ማነው?

የአሶሳ ወርቅ ወደ ሱዳን በሾለከ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ባህላዊ አምራቹ ላይ ነበር። ጥፋቱ ግን የተመኑ ነው። በ2016 ዶላር በባንክ 57 ብር፣ በጥቁር ገበያ ከ100 በላይ ነበር። የ100 ዶላር ወርቅ በባንኩ ተመን 5,700 ብር ያወጣል፤ በኮንትሮባንድ ከ10,000 በላይ። ብሔራዊ ባንክ ጭማሪ እየከፈለም ክፍተቱን መድፈን አቃተው።

ተመን ቆርጦ የያዘ ባንክ ለጠየቀው ሁሉ በዚያው ዋጋ ዶላር መሸጥ አለበት። ለዚህ ክምችት ያስፈልገዋል፤ ክምችቱ ሲሳሳ ደግሞ ወለድ ጨምሮ ብሩን ከገበያ መሰብሰብ። እኛ ዘንድ ግን ዶላር በወረፋ ታደለ፣ ለመንግሥት ብር ታተመ። ክምችቱን ይሞላ የነበረውን ወርቅ ያባረረው ራሱ ተመኑ ሆነ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ሲለቀቅ ለባንኩ የሚቀርበው ወርቅ በብዙ እጥፍ አደገ። ኮንትሮባንዲስት ሲባል የከረመው አምራች ያው ነው።