«ዋጋ እጨምራለሁ» የሚለው ዕጩ

የምርጫ ንግግር ሲባል ሐሳባችን ቶሎ የሚሮጠው ወደ ፓርላማው ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ከሁለቱም የራቀ ንግግር ነው። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ የቡና ገበሬዎች መሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ውስጥ፣ ለሥራ አመራር ኮሚቴ የሚወዳደር ሰው በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ስለሚናገረው ንግግር ነው። ለዚህ ርእስ የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን አንድ ሰው የተናገረው ቃል በቀጣዩ ዓመት በብር ተመንዝሮ ሊመረመር የሚችልባቸው ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ይህ ግን ከእነርሱ አንዱ ነው።

በእነዚህ ማኅበራት ሕጉ ለገበሬው የሰጠው ሥልጣን ቀላል አይደለም። በአክሲዮን ኩባንያ ብዙ አክሲዮን ያለው ብዙ ድምፅ አለው። በኅብረት ሥራ ማኅበር ግን አንድ አባል ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ሁለት ሄክታር ያለውም ከደጁ አጠገብ ጥቂት የቡና እግር ብቻ ያለውም እኩል ናቸው። የተመረጠው ኮሚቴ የሥራ ዘመን ሦስት ዓመት ነው። በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ጭሰኞች ምችሌ ላይ ከባለርስቶች ጋር ደም የተፋሰሱት በቡና ምርት ድርሻ ጉዳይ እንደ ነበር ለሚያስታውስ ሰው፣ የገዛ ቡናውን ሒሳብ የሚይዝለትን ሰው በድምፁ መሾም ምን ያህል መንገድ እንደ ተሄደ ያሳየዋል።

ታዲያ ዕጩው ተነሥቶ ምን ይላል? አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ቃል «ከመረጣችሁኝ ዋጋ ይጨምራል» የሚል ነው። ይህ ቃል ጭብጨባ ያስገኛል፤ ነገር ግን ሊቀ መንበሩ በእጁ የሌለውን ነገር ነው የሚሰጠው። የጌዴኦ ቡና ዋጋ መነሻ የሚሆነው በኒውዮርክ ገበያ የሚወጣው የአረቢካ ዋጋ ነው። በዚያ ላይ የጥራት ልዩነትና የይርጋ ጨፌ ስም ይጨመርበታል፤ ከዚያም በብር ምንዛሪ ይባዛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያም የካቲት 2017 ዓ.ም. በኒውዮርክ አንድ ፓውንድ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ሲያወጣ፣ ለሁለቱም ምክንያት የሆነ አንድም የቀበሌ ሊቀ መንበር አልነበረም። ያም ሆኖ በእንዲህ ያለ ዓመት በሥልጣን ላይ ያለ ሰው «በእኔ ዘመን ዋጋ ጨመረ» ብሎ ለመናገር አይቸገርም። ዋጋ በወደቀበት ዓመት የተመረጠው ደግሞ ባልሠራው ጥፋት ይወርዳል።

ሁለተኛው የተለመደ ተስፋ «ሁለተኛ ክፍያ» ነው። ይህ ገበሬው እሸት ቡናውን ሲያስረክብ ከተከፈለው ዋጋ ሌላ፣ ቡናው ተሽጦ ሒሳብ ሲዘጋ በሰጠው ኪሎ መጠን የሚደርሰው የትርፍ ድርሻ ነው። እዚህ ላይ ጥቂት ላሰላስል፤ አንባቢ ይታገሰኝ። አንድ ዕጩ «በኪሎ እሸት 10 ብር ሁለተኛ ክፍያ አስገኛለሁ» አለ እንበል። ማኅበሩ በዓመት 100,000 ኪሎ እሸት ይገዛል ብለን እንነሣ። 10 ብር ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ በድምሩ ግን 1,000,000 ብር ለአባላት ይከፋፈላል ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከወጣ ጀምሮ በተለመደው አሠራር ከተጣራው ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ተቀንሶ የሚከፋፈለው 70 በመቶው ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ወደ 1,430,000 ብር የተጣራ ትርፍ ማግኘት አለበት። አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። 1 ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት 6 ኪሎ ያህል እሸት ያስፈልጋል፤ 100,000 ኪሎ እሸት የሚሰጠው 16,700 ኪሎ ገደማ ነው። እንግዲህ የዕጩው 10 ብር፣ የእሸቱ ግዢ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የማጓጓዣውና የብድሩ ወለድ ሁሉ ከተከፈለ በኋላ፣ ከእያንዳንዱ ኪሎ ጥሬ ቡና ወደ 86 ብር የተጣራ ትርፍ ይጠይቃል ማለት ነው። ይህ አይቻልም አልልም፤ በመልካም ዓመት ይቻል ይሆናል። ነገር ግን 86 ብሩ ከየት እንደሚመጣ ያልተናገረ ዕጩ 10 ብሩንም ባይናገር ይሻለው ነበር።

እንግዲያው በሊቀ መንበሩ እጅ ያለው ምንድን ነው? ከሁሉ በፊት የገንዘብ ጊዜ ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፤ ገበሬውም በዚያው ዕለት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ ዕዳ አለ። የግል ሰብሳቢው ጥሬ ገንዘብ ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቃል። ማኅበሩ የመግዣ ብድር ከባንክ የሚያገኘው አዘውትሮ በዩኒየኑ በኩል ነው። ብድሩ ለቀማው ጥቅምት ላይ ሲጀምር ካልደረሰና ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ ከመጣ፣ የተሻለው እሸት ቀድሞ ሄዷል። አባሉ ከማኅበሩ ውጭ ሸጠ ብለን የምንወቅሰው፣ ብዙ ጊዜ ማኅበሩ ባዶ ካዝና ይዞ ስለ ጠበቀው ነው። እሸት ሲቀንስ ደግሞ የማጠቢያ ጣቢያው ወጪ በጥቂት ኪሎ ላይ ይወድቃል፤ ትርፉም ይመነምናል፤ ሁለተኛ ክፍያውም ይቀራል። ስለዚህ የብድሩን ማመልከቻ በየትኛው ወር እንደሚያስገባ፣ ያለፈው ዓመት ዕዳ ተከፍሎ እንደ ሆነ የሚናገር ዕጩ፣ ስለ ዋጋ አንድ ቃል ሳይናገር ስለ ዋጋ ተናግሯል።

ቀጥሎ የሚመጣው ሚዛኑ ነው። በመረከቢያው ቦታ ከእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ኪሎ ቢጎድል ገበሬው የሚያጣው ከማንኛውም የትርፍ ድርሻ ይበልጥ ሊሆን ይችላል። ለእያንዳንዱ ርክክብ ኪሎው የተጻፈበት ደረሰኝ ለአባሉ ይሰጣል ወይ? ሁለተኛ ክፍያ የሚሰላው በዚያ ኪሎ ነውና፣ ደረሰኝ የሌለው አባል የድርሻው ማስረጃም የለውም። ይህንን ለማድረግ ከኒውዮርክ ፈቃድ አያስፈልግም።

ከጥራት በኩል ብዙ ማለት ይቻላል፤ እኔ አንዱን ብቻ ላንሣ። ያልበሰለና የበሰለ እሸት በአንድ ዋጋ የሚቀበል ማኅበር፣ ለይቶ የለቀመውን ይቀጣል። ይህንን የሚያስተካክል ዕጩ ግን ድምፅ ያስከፍለዋል፤ አረንጓዴ ቀላቅሎ የሚያመጣውም አንድ ድምፅ አለውና።

አሁን ወደ ጉባኤው ሥርዓት ልምጣ። በብዙ ጉባኤ ሪፖርት ይነበባል፣ ስም ከመቀመጫ ይጠቆማል፣ እጅ ይነሣል፣ የወረዳው ባለሙያ ፊት ለፊት ተቀምጦ ይመለከታል። ዕጩዎች ይናገሩ ቢባል እንኳ ሁለት ደቂቃ ነው፤ እውነተኛው ቅስቀሳ ቀደም ብሎ በለቅሶ ቤትና በጠላ ቤት አልቋል። ጌዴኦ በሶንጎ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር እስኪጠራ የመነጋገር የቆየ ልማድ ያለው ሕዝብ ሆኖ ሳለ፣ በገዛ ማኅበሩ ስለ ገዛ ገንዘቡ በሁለት ደቂቃ ቃል ይወስን መባሉ ይገርመኛል። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የኦዲት ሪፖርቱ በአማርኛም በጌዴኡፋም ይነበብ፤ ዕጩዎች ከዚያ በኋላ፣ በዚያ ሪፖርት ላይ ቆመው ይናገሩ፤ አባላትም ይጠይቋቸው፤ ድምፁ በምሥጢር ይሰጥ። ኦዲቱ ያልደረሰ እንደ ሆነ ምርጫው ይቆይ።

«የገበሬው ማኅበር እንዲህ ያለ ሥነ ሥርዓት አይችልም» የሚሉኝ አንዳንድ ወዳጆቼ አሉ። የማጠቢያ ጣቢያውን የምሽት ርክክብ ቆማችሁ ብታዩ፣ ስንት ኪሎ እንዳስረከበ፣ ስንት እንደ ተከፈለውና ስንት እንደ ቀረበት በቃሉ የማያውቅ ገበሬ አታገኙም ብዬ እመልስላቸዋለሁ። ዕጩው «ዋጋ ይጨምራል» ሲል ዝም የሚለውም ሒሳቡ ጠፍቶት አይደለም፤ የሚጠይቅበት ደቂቃ ስላልተሰጠው ነው።