የሰዓት ዋጋ ከወር ደመወዝ ሲወጣ

በጂንካ ከተማ በአንድ የግል ነጋዴ መጋዘን የሚሠራ አንድ ሰው አለ እንበል፤ የወር ደመወዙም 6,240 ብር ነው። ዝናም መንገዱን አበላሽቶ የጭነት መኪናዎቹ ዘግይተው ስለ ደረሱ፥ በወሩ ውስጥ በ10 ምሽቶች ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ዕቃ ሲያራግፍ አመሸ። ጠቅላላው 20 ሰዓት ሆነ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሥራ የመደበኛው ሰዓት ዋጋ በአንድ ተኩል ተባዝቶ እንዲከፈል ያዛል። ብዜቱን የሚስት ጸሐፊ ጥቂት ነው፤ ስሕተቱ የሚገባው ከዚያ በፊት፥ የአንዱ ሰዓት ዋጋ ሲወጣ ነው።

ጸሐፊው ወርን 30 ቀን አድርጎ በ8 ሰዓት ያባዛና ደመወዙን ለ240 ያካፍላል፤ 26 ብር ይደርሰዋል። ባሕረ ሐሳብ ለለመደ አገር ወርን 30 ማለት የሚያስነቅፍ አይደለም፤ ነገር ግን በ30ው ቀን ውስጥ እሑዶች አሉ፥ ሠራተኛውም በእነዚያ ቀኖች ሥራ አልገባም። ያልተሠራው ሰዓት ከተሠራው ጋራ ሲቈጠር የእያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ ይረክሳል።

ትክክለኛው መንገድ ከሳምንቱ መነሣት ነው። በአዋጁ የሳምንት መደበኛ ሥራ ከ48 ሰዓት አይበልጥም፤ ይህ በ52 ሳምንት ተባዝቶ ለ12 ወር ሲካፈል 208 ሰዓት ይሆናል፥ ይኸውም 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። ጳጉሜም በዓመቱ ውስጥ ስለ ተቈጠረች ለብቻዋ ሒሳብ አትሻም። 6,240 ለ208 ሲካፈል 30 ብር ነው። ስለዚህ የትርፉ ሰዓት ዋጋ 45 ብር፥ የ20ው ሰዓት 900 ብር ይሆናል፤ በተሳሳተው ሒሳብ ግን 780 ብር ነበር። ጉድለቱ 120 ብር ነው።

ለመመርመር የተገኘውን የሰዓት ዋጋ በወሩ የሥራ ሰዓት መልሶ ማባዛት ይበቃል፤ 30 በ208 ሲባዛ ደመወዙን ይመልሳል፥ 26 ግን 5,408 ብቻ ይሰጣል።

208 ለሁሉም የሚሆን ቍጥር ግን አይደለም። በውል ወይም በኅብረት ስምምነት በሳምንት 40 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ቢኖር አካፋዩ 173 ከሲሶ ነው፤ እርሱን በ208 ማስላት ሌላ ጉድለት ያመጣል። የመጓጓዣና የውሎ አበል ደግሞ በአዋጁ ደመወዝ ስላልሆነ ከሚካፈለው ገንዘብ ጋራ አይደመርም፤ እዚህ ላይ የሚጎዳው አሠሪው ነው።

ሠራተኛው ጉድለቱን ያወቀው ዓመት ሙሉ በየወሩ ይህንኑ ያህል አምሽቶ ከሆነ የቀረበት ገንዘብ 1,440 ብር ነው። ነገር ግን የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጥያቄ ገንዘቡ መከፈል ከሚገባው ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ስለሚታገድ፥ አሠሪው በይርጋው ከተከራከረ የሚመለስለት የመጨረሻው ስድስት ወር 720 ብር ብቻ ነው።