የጎደለውን ራም ማን ወሰደው?



ባለፈው ሳምንት ከዓመታት በፊት ያስተማርኩት ልጅ እዚሁ ደብረ ማርቆስ መንገድ ላይ አገኘኝ። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቶ ተናዷል። «ቲቸር፣ 4 ጊጋ ራም አለው ብሎ ሸጦልኝ ጎድሎ አገኘሁት። ሄጄ ብሬን ላስመልስ ነው» አለኝ። ከፍቶ አሳየኝ፦

```
Installed memory (RAM): 4.00 GB (3.25 GB usable)
System type: 32-bit Operating System
```

ሻጩ አልዋሸም። ጥፋቱ የእኔ ነው ብል ይቀላል። ለዚህ ልጅ የሜሞሪ-ማፕድና የፖርት-ማፕድ አይ/ኦን ልዩነት በሠንጠረዥ አስጽፌው፣ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ። ሠንጠረዡን ሸመደደ እንጂ ነገሩ እጁ ላይ ሲመጣ አላወቀውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 32 ቢት ዊንዶውስ ሊጠራ የሚችለው የአድራሻ ብዛት 4,294,967,296 ነው፤ ማለትም 4 ጊጋባይት። እነዚህ አድራሻዎች ግን ለራም ብቻ አይደሉም። ግራፊክስ ካርዱ፣ የኔትወርክ ካርዱ፣ ባዮሱ ሁሉ ከዚያው ቁጥር ውስጥ ድርሻ አላቸው። ፕሮሰሰሩ እነዚህን የሚያናግራቸው ልክ ራም ላይ እንደሚጽፍ አድርጎ ነው። ሜሞሪ-ማፕድ ማለት ይኸው ነው። ስለዚህ ራሙ 4 ጊጋ ሙሉ ቢሆንም የተወሰነው ክፍል የሚጠራበት ቁጥር አጣ። ልጁ የጎደለበት 0.75 ጊጋባይት በአብዛኛው ይሄ ነው። አብሮ የተሠራ ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ግራፊክሱ ከራሙ ራሱ ቆርሶ የሚወስደው አለ።

ፖርት-ማፕድ ግን ሌላ ቀበሌ ነው። የራሱ 65,536 ቁጥሮች አሉት፤ ፕሮሰሰሩም `IN` እና `OUT` በሚባሉ ለብቻቸው በተመደቡ ትእዛዞች ነው የሚደርስባቸው። የኪቦርዱ በር `0x60` ነው። ራም ላይም `0x60` አለ፤ ግን አይጋጩም። ሁለት ቀበሌ ውስጥ ሁለቱም የቤት ቁጥር 60 እንዳላቸው ማለት ነው። ከራም ቁጥር አይሻማም፤ ግን ጠባብ ነው። በመቶ ሜጋባይቶች የሚፈልግ ግራፊክስ ካርድ እዚያ አይገባም።

ለዚህ ነው «የቱ ይሻላል?» የሚለውን የፈተና ጥያቄ የማልወደው። አንዱ ኮምፒውተር ሁለቱንም ይጠቀማል። ዊንዶውስ ያላችሁ `Device Manager` ከፍታችሁ `View` ውስጥ `Resources by type` በሉት። `Input/output (IO)` እና `Memory` ተለያይተው ተዘርዝረው ታያላችሁ።

ሌላም የምናደባልቀው ነገር አለ። አድራሻ «ይሄ የማን ነው?» የሚለውን ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይደለደላል። «አሁን መንገዱ የማን ነው?» የሚለው ግን በየቅጽበቱ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ ነው። ማሳ ያለው ሁሉ ዛሬ ውሃ አያገኝም። በበጋ መስኖ የምታጠጡ ታውቁታላችሁ፤ ቦዩ አንድ ነው፣ ተራ የሚሰጠው የውሃ አባት ነው።

ላብራቶሪ ውስጥ ያሉት አሮጌ ዴስክቶፖች ላይ ያለው ፒሲአይ ባስም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ወደ ዳኛው፣ ማለትም ወደ አርቢተሩ፣ የሚሄድ የራሱ የጥያቄ ሽቦ አለው። አርቢተሩ በፈቃድ ሽቦ ይመልስለታል። የተፈቀደለት ካርድ በመንገዱ ላይ ያለው እስኪጨርስ ጠብቆ ይገባል። አንዱ እንዳይቆይበትም የጊዜ ቆጣሪ አለ፤ ጊዜው ካለቀና ፈቃዱ ለሌላ ከተሰጠ ይለቃል።

ይሄ ሲበላሽ እንዴት ይታወቃል? ትልቅ ፋይል እየገለበጣችሁ ዘፈን ስትከፍቱ ድምፁ ከተቆራረጠ አንዱ ምክንያት ይሄ ሊሆን ይችላል። የሲዲ ጥራት ያለው ድምፅ በሴኮንድ 176,400 ባይት ብቻ ይፈልጋል፤ የተለመደው ፒሲአይ ባስ እስከ 133 ሚሊዮን ገደማ ይችላል። ውሃው ሞልቷል፤ የዘገየው ተራው ነው። የድምፅ ካርዱ የሚያስቀምጥባት ማጠራቀሚያ ትንሽ ስለሆነች፣ የዲስኩ ካርድ መንገዱን ይዞ ሲቆይ ትደርቅበታለች። አርቢተሩ ሁልጊዜ ለአንዱ ቅድሚያ የሚሰጥ ከሆነ የታችኛው ማሳ ይደርቃል። በዙር ቢሰጥ ሁሉም ይደርሰዋል፣ ግን የሚቸኩለውም ተራውን ይጠብቃል። ፍጹም የሚባል የለም።

ልጁን ከሻጩ ጋር ከመጣላት አዳንነው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት የሚችል ስለነበር 64 ቢት ዊንዶውስ ጫንን። ቦርዱም የተደበቀውን ራም ከ4 ጊጋ በላይ ወዳለ አድራሻ ማዛወር ስለሚችል አብዛኛው ተመለሰ። ቦርዱ ይሄን ባይችል ኖሮ ግን 64 ቢቱም አያድነንም ነበር።

ከእንግዲህ ክፍል ስገባ ሠንጠረዡን ትቼ በዚህ ስክሪን ነው የምጀምረው። የእናንተስ ስንት usable ይላል? እስኪ ከፍታችሁ ጻፉልኝ።