ቅጂ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም

ጀማሪ ተመራማሪ የመረጃ ፋይል ከማረሙ በፊት ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይመከራል። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ግማሽ ነው። የተቀመጠው ዋና ፋይል የሚጠቅመው ስህተት መፈጸሙ ከታወቀ ብቻ ነውና፤ ይህን የሚያሳውቀው ደግሞ ከእርማቱ በኋላ ሁለቱን ፋይሎች ማነጻጸር ነው።

በደብረ ታቦር ዙሪያ ካሉት የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች አንዱ በሆነው በፋርጣ የተሰበሰበ የገብስ ምርት መጠይቅ ለምሳሌ ይወሰድ። ፋይሉ የቤተሰብ መለያ ቁጥር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ የቃለ መጠይቅ ቀንና በኩንታል የተለካ ምርት ይዟል። በመለያ ቁጥር 008 ላይ 9 ኩንታል በስህተት 90 ተብሎ ገብቷል እንበል። ተመራማሪው ፋይሉን ይቀዳል፤ ቅጂውን በኤክሴል ከፍቶ ያቺን አንዲት ቁጥር ያርማል፤ አስቀምጦም ያነጻጽራል።

```
cp farta.csv farta_edit.csv
diff --strip-trailing-cr farta.csv farta_edit.csv
```

የሚጠበቀው የአንድ መስመር ልዩነት ነው። ቀኑ በአሜሪካ አጻጻፍ እንዲታይ በተዘጋጀ ኮምፒውተር ላይ ግን ውጤቱ የሚከተለውን ሊመስል ይችላል፦

```
2,3c2,3
< 007,2015-02-28,12
< 008,2015-02-30,90
---
> 7,2/28/2015,12
> 8,2015-02-30,9
```

ተመራማሪው ያልነካው የ007 መስመርም ተለውጧል። ኤክሴል መለያውን እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮ ዜሮዎቹን አስወግዷል፤ ስለዚህ ይህን ፋይል በመለያ ቁጥር ከሌላ ፋይል ጋር ማጣመር ሊሰናከል ይችላል። ጥቅምት 28 ቀን 2015 ዓ.ም.ን ደግሞ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የፌብሩዋሪ 28 ቀን 2015 አድርጎ ወስዶታል። ትክክለኛው አቻ ኖቬምበር 7 ቀን 2022 በመሆኑ ስህተቱ ከሰባት ዓመት ይበልጣል። ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ጥቅምት 30 ሳይነካ ቀርቷል። ጳጉሜን ውስጥ የተመዘገበ ቀን ቢኖርም በ13ኛ ወርነቱ እንዲሁ ይቀር ነበር። በዚህ መንገድ በአንድ ዓምድ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀኖች ይደባለቃሉ።

ከትእዛዙ ጋር የተጨመረው ምርጫ ዊንዶውስ በየመስመሩ መጨረሻ የሚያክለውን የማይታይ ምልክት ችላ ያሰኛል። ያለ እርሱ መስመሮቹ ሁሉ የተለወጡ ይመስላሉ፤ እውነተኛው ልዩነትም በመካከላቸው ይሰወራል። ንጽጽሩ የሚሠራው እንደ ሲኤስቪ ባሉ የጽሑፍ ፋይሎች ላይ እንጂ በኤክሴል የራሱ ቅርጸት ላይ አይደለም። የተደረገው እርማት ትክክል መሆኑንም አይመሰክርም፤ 9 በስህተት 6 ተብሎ ቢታረም ልዩነቱን ያሳያል እንጂ አይፈርድም። ያን ሊፈርድ የሚችለው የወረቀቱ መጠይቅ ነው።

ስለዚህ የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች ከተማሪው መጠየቅ ያለባቸው ቅጂ መኖሩን ብቻ መሆን የለበትም። ስንት መስመር ለማረም ታስቦ ስንት መስመር እንደ ተለወጠ ሊጠይቁ ይገባል። ሁለቱ ቁጥሮች ካልተስማሙ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ ትንተናው መጀመር የለበትም።