የመጨረሻው አልትራሳውንድ የመውለጃ ቀናችሁን አይቀይርም



ደምበል አካባቢ ከምሠራበት ክሊኒክ የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ብዙ ጊዜ ሦስት አራት የአልትራሳውንድ ወረቀት ይዘው ነው የሚመጡት። አንዱን ቤታቸው አጠገብ፣ አንዱን ካዛንቺስ መሥሪያ ቤታቸው ጋ፣ አንዱን ደግሞ ዘመድ የጠቆማቸው ቦታ የተነሱት ነው። ወረቀቶቹ ላይ ያለው የመውለጃ ቀን እርስ በርሱ አይገጥምም። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ የትኛውን ልመን?» አብዛኞቹ ግን መልሱን ለራሳቸው ሰጥተው ነው የሚመጡት፤ አዲሱን ያምናሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የመጀመሪያውን እመኑ።

ለምን እንደምል አንዲት እናት ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። የወሊድ መከላከያ መርፌ ስትወስድ ስለነበር የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን አታውቀውም። ደግነቱ መስከረም 10 ቀን በጊዜ አልትራሳውንድ ተነስታ ነበር። የጽንሱ ርዝመት ከራስ እስከ መቀመጫ 23 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም ልክ 9 ሳምንት ነበር። ከዚያ ሲቆጠር የመውለጃ ቀኗ ሚያዝያ 17 ይሆናል።

መጋቢት 12 ቀን ሌላ ቦታ ሄዳ እንደገና ተነሳች። ወረቀቱ GA በሚለው ቦታ 31 ሳምንት ከ3 ቀን፣ EDD በሚለው ቦታ ደግሞ ግንቦት 12 ላይ የሚውል ቀን ይዞ ወጣ። «ቀኑ ተሳስቶ ነው፤ ገና ነሽ፣ ሁሉም ደህና ነው» ተባለች። እሷም ደስ ብሏት የወሊድ ፈቃዷን ልታዘዋውር ስትል ነበር ለሌላ ጉዳይ እኔ ጋ የመጣችው።

እስቲ አብረን እንቁጠር። ከመስከረም 10 እስከ መጋቢት 12 ድረስ 26 ሳምንት አለ። መስከረም ላይ 9 ሳምንት የነበረ ጽንስ መጋቢት 12 ላይ 35 ሳምንት ነው። ወደ 31 ሊመለስ አይችልም። ስለዚህ የተሳሳተው ቀኑ አልነበረም፤ ልጁ ለዕድሜው ትንሽ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የረጅምም የአጭርም ሰው ልጅ የሚያድገው ከሞላ ጎደል በእኩል ፍጥነት ነው። ስለዚህ ርዝመቱን ለክቶ ዕድሜውን መናገር ይቻላል፤ ስህተቱም ከ5 እስከ 7 ቀን ቢሆን ነው። ከ7ኛው ወር በኋላ ግን አንዱ ልጅ በተፈጥሮው ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ ይሆናል፤ አንዳንዱ ደግሞ ምግብና ኦክስጅን በበቂ ስለማይደርሰው ይቀጭጫል። ማሽኑ የሚያውቀው ልኩን ብቻ ነው። ጭንቅላቱን፣ ሆዱንና የጭን አጥንቱን ይለካና «ይህን ያህል የሚሆን አማካይ ልጅ ስንት ሳምንቱ ነው?» ብሎ ከሰንጠረዥ ያወጣል። በዚያ ጊዜ ስህተቱ 3 ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። የዘገየውን ልጅ «ገና ነው» ብሎ ያልፈዋል ማለት ነው።

የእሷን ወረቀት ዝቅ ብለን ስናይ ታሪኩ እዚያው ተጽፎ ነበር። ሁለቱ የጭንቅላት ልኮች የ33 ሳምንት፣ የጭን አጥንቱ የ31፣ ሆዱ ደግሞ የ29 ሳምንት ልክ ነበሩ። የአራቱ አማካይ ሲወሰድ 31 ተኩል ገደማ መጣ፤ አማካዩ ልዩነቱን ሸፈነው። የሚበላው ያነሰው ጽንስ በመጀመሪያ ጭንቅላቱን ያድናል፤ ጉበቱ የሚያከማቸው ስለሚያንስ ሆዱ ቀድሞ ይከሳል። ግምቱ ክብደት 1600 ግራም ነበር። በ35 ሳምንት አማካዩ 2500 ግራም አካባቢ ነው።

የክብደት ግምት ራሱ በ15 በመቶ ሊሳሳት እንደሚችል አውቃለሁ። 3 ኪሎ የተባለ ልጅ 2.6ም 3.4ም ሆኖ ሊወለድ ይችላል። ለእሷ ሲባል ስህተቱን ወደ ጥሩው ብናደርገው እንኳ 1840 ግራም ነው የሚሆነው፤ ለ35 ሳምንት አሁንም በጣም ትንሽ ነው። የደም ግፊቷን ስለካው ከፍ ብሏል። በዚያው ቀን ሆስፒታል ላክኋት። እዚያ የእትብቱን የደም ፍሰት በዶፕለር አዩ፣ የእንሽርት ውሃውን ለኩ፣ በቅርብ ተከታተሏትና በ37 ሳምንቷ፣ መጋቢት 26፣ በኦፕራሲዮን ወለደች። ልጁ 1900 ግራም ነበር፤ ዛሬ ደህና ነው። ግንቦት 12ን ብትጠብቅ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

ይህን ስል «ትንሽ ነው» የተባለ ሁሉ ታሟል ማለቴ አይደለም። ወላጆቹ ትናንሽ ከሆኑ ልጁም ጤነኛ ሆኖ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚነግረን የአንድ ቀን ፎቶ ሳይሆን የእድገቱ ፍጥነት ነው። ለዚህም በሁለት ልኬቶች መካከል ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ሳምንት ያስፈልጋል። በየሳምንቱ የሚነሱ እናቶች ገንዘባቸውን የሚያወጡት የመለኪያ ስህተት ለማየት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው ምክር አንድ አልትራሳውንድ ከ24 ሳምንት በፊት ይነሱ ያለውም፣ አንዱ ምክንያት ዕድሜውን በጊዜ ለማወቅ ነው። የመጀመሪያዋን በ8 ወሯ የተነሳች እናት ቀኗ በእርግጠኝነት አይታወቅም፤ ይህንን በግልጽ ሊነግራት ይገባል እንጂ ከማሽኑ የወጣውን ቀን እንደ ቁርጥ ቀን መስጠት ልክ አይመስለኝም።

ስለ አቀማመጡና ስለ እንግዴ ልጁም በብዛት ስለምትጠይቁኝ ጥቂት ልበል። በ28 ሳምንት ከአራት ልጆች አንዱ ገደማ በመቀመጫው ነው፤ አብዛኞቹ እስከ 36 ሳምንት ራሳቸው ይዞራሉ። በ5ኛው ወር «እንግዴ ልጁ ወርዷል» መባልም እንዲሁ ነው። የማህፀኑ የታችኛው ክፍል እየተለጠጠ ሲሄድ አብዛኛው ከማህፀን በር ይርቃል፤ በ32 ሳምንት አካባቢ ድጋሚ ይታያል። ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ ከሆነና እንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ካረፈ ግን እስከዚያ አትጠብቁ፤ ጠባሳው ውስጥ ሊሰርጽ ስለሚችል የማህፀን ስፔሻሊስት ይየው።

አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ የሚያመልጠው ነገር ደግሞ ያለጊዜው የተላቀቀ እንግዴ ልጅ ነው። ደም ከፈሰሳችሁ ወይም ሆዳችሁ ደርቆ አልለቅ ካላችሁ፣ ትናንት የተነሳችሁት ወረቀት «ጤነኛ ነው» ቢልም፣ ሌላ አልትራሳውንድ ፍለጋ አትዙሩ። በቀጥታ የሚያዋልድ ሆስፒታል ሂዱ።

ክትትል ስትሄዱ የመጀመሪያውን ወረቀት ይዛችሁ፣ ከእሱ የተቆጠረው የመውለጃ ቀን በካርዳችሁ ላይ በጉልህ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ። አዲስ ቀን ሲሰጣችሁ «ቀኑ ነው የተቀየረው ወይስ እድገቱ ነው የዘገየው?» በሉ። ሌላም አለ፦ ፎቶው የሚታተምበት የሚያብረቀርቅ ወረቀት በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል። ዛሬውኑ በስልካችሁ አንሱት፤ ልኮቹ የተጻፉበትን ገጽ ጭምር።